የበረሮ ቆጠራ በአዳማ፦ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ማታ የኩሽናውን መብራት ስታበሩ የሚበታተነው በረሮ ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ጠዋት ወለል ላይ የምታዩት ሬሳም ስንቱ እንደተረፈ አይነግራችሁም፣ የሞተውን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ። ግን ብዙ ምግብ ቤቶች ገንዘባቸውን የሚከፍሉት ይህንኑ ሬሳ አይተው ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የአዳማ ቁርስና ምሳ ቤት ነው። ከመናኸሪያው ብዙም አይርቅም፣ ጠዋት ፉልና ፍርፍር፣ ቀን ሽሮና በያይነት፣ በሥጋ ወቅት ጥብስ ይሠራል። ባለቤቷን ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። በየወሩ ረጪ ያስመጣሉ። ሰውዬው ከበስተኋላው መርጫ ተሸክሞ ይመጣል፣ ግድግዳውን ያረጥባል፣ ይሄዳል። ለሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ ደግሞ የቡና ማሽኑ ሥር ይርመሰመሳል። ረጪው ሲጠየቅ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «የድሮው አልቋል እትዬ፣ ይሄ አዲስ የገባ ነው።» እትዬ ደግሞ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የጠሩኝም ለዚህ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እየሠራልኝ ነው እየሠራብኝ?» አሉኝ።

ሌላ መድኃኒት ከማምጣቴ በፊት መቁጠር ነበረብን።

ወጥመዱ ልዩ ዕቃ አይደለም። አዳማ ውስጥ የበረሮ ወጥመድ ተብሎ የተሠራ ካርቶን በየሱቁ አይገኝም፣ የአይጥ ሙጫ ግን መንገድ ላይም ይሸጣል። መጽሐፍ ይመስል የሚታጠፈውን ገዝተን ሁሉንም በእኩል መጠን ቆረጥነው፣ በግምት 8 በ12 ሳንቲሜትር። መጠኑ ራሱ ይህን ያህል አያሳስብም፣ አንዱ ከሌላው መብለጡ ነው ችግሩ፤ ትልቁ ወጥመድ ብዙ ስለያዘ ብቻ እዚያ ብዙ በረሮ አለ ማለት አይደለምና። እጃችሁ ላይ ሙጫ ከተጣበቀ በውሃ አትታገሉ፣ በምግብ ዘይት አሹትና ከዚያ በሳሙና ታጠቡ።

ሙጫውን ገልጦ ወለል ላይ መተው ግን አዳማ ውስጥ አያዋጣም። ነፋሱና አቧራው ስለማይቻል ካርቶኑ በሁለት ቀን ይደርቃል፣ በረሮው በላዩ ተራምዶ ይሄዳል። የዱቄት ብናኝም ያው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ከወፍራም ካርቶን ትንሽ ድንኳን ሠራንለት፣ ሁለቱ ጫፎቹ ክፍት ሆነው። በረሮ ጨለማና ጠባብ ቦታ ስለሚወድ ድንኳኑ እንዲያውም ይጠቅማል። ደግሞም የሰፈሩ ድመት እግሯን አታጣብቅበትም።

አቀማመጡ ከወጥመዱ ይበልጣል። በረሮ ክፍት ወለል መሀል አይንሸራሸርም። አካሉን ግድግዳ እያስነካ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ነው የሚሄደው። ወጥመዱ ከግድግዳው አራት ጣት ቢርቅ በጎኑ ያልፈዋል። ስለዚህ የድንኳኑ አንድ ጎን ግድግዳውን መንካት አለበት፣ ክፍት ጫፎቹም ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለባቸው። 10 ወጥመድ አስቀመጥን። 1 ቁጥር ከፍሪጁ ጀርባ ሞተሩ አጠገብ፣ 2 ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ 3 ከቡና ማሽኑ ሥር፣ 4 ምጣዱ ጋ፣ 5 የቅመም መደርደሪያ ላይ፣ 6 ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ 7 የኩሽናው በር ጥግ፣ 8 የሒሳብ መቀበያው ሥር፣ 9 ደንበኛ የሚቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ሥር፣ 10 ጓሮ በሚወጣው የፍሳሽ ቱቦ አጠገብ። 9 ቁጥርን እትዬ አልወደዱትም። «እዚህ እኮ በረሮ የለም፣ ለምን ደንበኛ አጠገብ ታደርግብኛለህ?» አሉ። የተቀመጠው ስለሌለ ነው። ባዶ መሆን ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ መቆየቱን የሚነግረን እሱ ነው፣ ቆይቶም ጥቅሙ ታየ።

በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ቁጥሩን በማርከር ግድግዳው ላይ ጻፍን። ወጥመዱ ሲቀየር አዲሱ እዚያው ምልክቱ ላይ ይቀመጣል እንጂ ጠራጊዋ በገፋችው ቦታ አይደለም።

መዝገቡ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። የሚይዘው ሰው ማን ይሁን የሚለው አከራክሮን ነበር፣ እኔ ዕቃ አጣቢዋን መረጥኩ። ሁሌ ጠዋት ቀድማ የምትገባው እሷ ናት፣ ጥጉን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ቁጥሩ በመውረዱም በመውጣቱም የምታገኘው ወይ የምታጣው ነገር የለም። ረጪው ራሱ ቢቆጥር ወይም እትዬ ቢቆጥሩ ዓይናቸው የሚፈልገውን ያያል። ልጅቷ በየሰኞው ጠዋት ከመከፈቱ በፊት አሥሩንም ታነሳለች፣ በስልኳ ፎቶ ታነሳቸዋለች፣ ትቆጥራለች፣ አሮጌውን በፌስታል ቋጥራ ትጥላለች፣ አዲስ ታስቀምጣለች። ፎቶው ጥሩ ነው። 40 በረሮ የተጣበቀበትን ካርቶን በዓይን መቁጠር ያደናግራል፣ ስልክ ላይ አጉልቶ መቁጠር ግን ቀላል ነው፣ በኋላም ጭቅጭቅ ሲነሳ ማሳየት ይቻላል።

አሮጌውን «ገና ቦታ አለው» ብሎ መተው አይቻልም። በረሮ በኩሱ ውስጥ ሌሎችን የሚጠራ ሽታ አለው። ስለዚህ ብዙ የያዘ ወጥመድ ከባዶው ይልቅ ይስባል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ ከፍ ቢል የበረሮው ነው ወይስ የወጥመዱ አይታወቅም። ሁሉም በአንድ ቀን ይቀየራል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ድምሩን ብቻ መጻፍ አይበቃም። በረሮውን በመጠኑ መለየት ያስፈልጋል፣ ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ ያሰመርነውም ለዚህ ነው፦ «ክንፍ ያለው»፣ «ክንፍ የሌለው»፣ «ደቃቃ»። ኩሽናን የሚወረው ትንሹ በረሮ፣ የጀርመን በረሮ የሚባለው፣ ሲያድግ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፣ ቡናማ ነው፣ ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር አለው። ገና የተፈለፈለው፣ ደቃቃ ያልነው፣ ግን 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ክንፍ የለውም፣ ጠቆር ይላል። ሴቷ ከ30 እስከ 40 የሚሆን እንቁላል በአንድ ቡናማ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ከጅራቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች፣ ሦስት አራት ሳምንት ያህል፣ ሊፈለፈል አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ትጥለዋለች። ከረጢቱ ጠንካራ ስለሆነ የሚረጨው መድኃኒት ውስጡን በደንብ አያገኘውም። ይህን ያዙልኝ፣ ጉዳዩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ ዓምድም ነበረን፣ «ቀዩ ትልቁ»። ከፍሳሽና ከሽንት ቤት የሚወጣው፣ 4 ሳንቲሜትር ሊደርስ የሚችለው ሌላ ዝርያ ነው፣ ከኩሽናው ጉዳይ ጋር አይደመርም። ወጥመድ 10 ላይ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ይያዝ ነበር። መፍትሔውም ሌላ ነው፣ የቱቦውን አፍ በወንፊት መክደን። እሱን ከትንሾቹ ጋር ብንደምር ኖሮ ኩሽናው ቢጸዳም ቁጥሩ ዜሮ አይመጣም ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ሳንረጭ ቆጠርን። እትዬ ከነከናቸው፣ «ዝም ብዬ በረሮ ልቀልብ?» አሉ። መነሻው ካልታወቀ ግን መውረዱም አይታወቅም። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት ነበር፣ ይህም በአጋጣሚ ጠቀመን። እስከ ፋሲካ ድረስ ኩሽናው የሚያበስለው ያንኑ ምግብ ስለሆነ ሳምንቱን ከሳምንት ማነጻጸር ይቻላል።

የመነሻው ሳምንት ደብተር ይህን ይመስላል፦

ወጥመድ 1 — 46
ወጥመድ 2 — 31
ወጥመድ 3 — 38
ወጥመድ 4 — 9
ወጥመድ 5 — 4
ወጥመድ 6 — 12
ወጥመድ 7 — 3
ወጥመድ 8 — 2
ወጥመድ 9 — 0
ወጥመድ 10 — 1
ድምር 146 (ክንፍ ያለው 58፣ ክንፍ የሌለው 40፣ ደቃቃ 48)

ከ146ቱ 115ቱ የተያዙት በሦስት ወጥመድ ነው፣ ፍሪጅ፣ ማጠቢያ፣ ቡና ማሽን። ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ናቸው። ረጪው ግን በየወሩ ሙሉ ግድግዳ ነበር የሚያረጥበው። በረሮው ከሞተሩ ሥር ተቀምጦ ግድግዳው ሲታጠብ ያያል።

ከዚያ ረጪው እንደልማዱ መጥቶ ረጨ። አላስቆምነውም፣ የምንፈትነው እሱን ነውና። ወጥመዶቹን ግን በሚረጭበት ሰዓት አነሳን፣ ሲደርቅ መለስን። መድኃኒቱ ካርቶኑን ከነካው በረሮው ሽታውን ሸሽቶ አይገባም፣ እናንተም «አለቀ» ትላላችሁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ድምሩ 52 ሆነ። እትዬ በጣም ተደሰቱ፣ ረጪውም ደረቱን ነፋ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ቁጥር ነበር። 8 ቁጥር 2 የነበረው 9 ሆኗል፣ ዜሮ የነበረው 9 ቁጥር ደግሞ 6 ይዟል፣ ሁሉም ክንፍ ያላቸው። ደንበኛ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ያልነበረ በረሮ ገባ ማለት ነው። አብዛኛው የሚረጭ መድኃኒት በረሮን ያባርራል፤ በቀጥታ ያገኘው ይሞታል፣ ያላገኘው ሽታውን ሸሽቶ ሌላ ክፍል ይገባል። ኩሽናው ውስጥ የቀነሰው ከፊሉ ሞቶ፣ ከፊሉ ሸሽቶ ነው። ሬሳ ብቻ ስንመለከት ይህ አይታይም፣ የ9 ቁጥር ወጥመድ ባይኖር እኛም አናየውም ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት 41 ሆነ። «ይኸው እየወረደ ነው!» አሉ። አልወረደም። በዚያ ሳምንት ከማጠቢያው ሥር ያለው ወጥመድ ውሃ ፈሶበት ተበላሽቷል፣ ልጅቷም ጎበዝ ስለሆነች ዜሮ ብላ አልጻፈችም፣ «የለም፣ ረጥቧል» ብላ ጻፈች። የጠፋ ወጥመድና ባዶ ወጥመድ አንድ አይደሉም። ባለፈው ሳምንት ያ ወጥመድ 8 ይዞ ነበር፤ እሱን አውጥተን የቀሩትን ዘጠኙን ብቻ ብናነጻጽር 44 የነበረው 41 ሆኗል። ይህ ደግሞ ለውጥ አይባልም። ወጥመድ ላይ ሦስት በረሮ ወዲያና ወዲህ የዕድል ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት 57። አራተኛው 119።

ረጪው ተጠራ፣ ደብተሩን አየ፣ ያችኑ መልስ ሰጠ፦ «አዲስ የገባ ነው እትዬ፣ የለስላሳ ሳጥን ነው የሚያመጣባችሁ።» እዚህ ላይ ሦስቱ ዓምድ ሥራቸውን ሠሩ። ከ119ኙ 82ቱ ደቃቃ ናቸው፣ ክንፍ ያላቸው 23 ብቻ። ደቃቆቹም የተያዙት በአብዛኛው 1 እና 3 ቁጥር ላይ ነው። የሦስት ሚሊሜትር ግልገል በለስላሳ ሳጥን መጥቶ፣ ግምጃ ቤቱን አልፎ፣ ኩሽናውን አቋርጦ፣ ፍሪጅ ሥር ሄዶ አይሰፍርም። ግልገል ከተፈለፈለበት ስንጥቅ ብዙም አይርቅም። ደቃቃ የበዛበት ወጥመድ ማለት ጎጆው እዚያው አጠገብ ነው ማለት ነው። ከመርጨቱ የተረፉት ሴቶች ከረጢታቸውን ይዘው ተደብቀው ነበር፣ እሱ ተፈለፈለ፣ በቃ። እትዬ ሁሌ «ለሁለት ሳምንት ሰላም ይሆናል» የሚሉት ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ የሚቀጥለውን ትውልድ አልነካውም።

ረጪውን ለመከላከል ያህል፣ ሰውዬው አላጭበረበረም። ትልልቆቹን ገድሏል። ግን በብዙ አገር ይህ ዝርያ የሚረጩትን መድኃኒቶች ተላምዷል፣ ስንጥቅ ውስጥ ያለውንም መርጫው አያገኘውም። መጠኑን ቢጨምር ወይም አንዳንዶች እንደሚያደርጉት የእርሻ መድኃኒት አምጥቶ ምግብ ቤት ውስጥ ቢረጭ ደግሞ ከበረሮው የባሰ ጣጣ ነው።

ስለዚህ መርጨቱን አስቆምንና ወደ ጄል ገባን። ጄል ማለት በስሪንጅ የሚመጣ መርዝ ያለበት ምግብ ነው። በረሮው ይበላዋል፣ ወደ ጎጆው ይመለሳል፣ እዚያ ይሞታል። ጥሩው ነገር ግልገሎቹ ከጎጆው ርቀው ሳይሄዱ የትልልቆቹን ኩስና ሬሳ መብላታቸው ነው፣ መርዙ በዚያ በኩል ይደርሳቸዋል። አንድ ትልቅ ጉብታ አንድ ቦታ ማስቀመጥ አይረባም። 3 ወይም 4 ሚሊሜትር የሚሆን ብዙ ትናንሽ ጠብታ፣ ስንጥቅ ውስጥ፣ በረሮው ባለበት ቦታ። የት እንዳለ ደግሞ ደብተሩ ነግሮናል። ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብነው፣ ሞተሩ ዙሪያና የበሩ ማጠፊያ ውስጥ አደረግን፣ ማጠቢያው ቱቦ ግድግዳ የሚገባበት ቀዳዳ ላይ፣ የቡና ማሽኑ እግሮች ሥር። ምግብ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ምንም አይደረግም። ጄል ባለበት አካባቢ ፍሊት መንፋት ክልክል ነው ብለን ማስታወቂያ ለጠፍን፣ ማሽኒስታው ማታ ማታ ቆርቆሮውን ይዞ መንፋት ስለሚወድ። ጄሉ ላይ ከተነፋ በረሮው አይቀምሰውም።

ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን፣ «ጄሉ ተበልቷል?»። በጣም የሚጠቅም ጥያቄ ነው። ወጥመዱ እየያዘ ጄሉ ካልተነካ ጄሉ ደርቋል፣ ወይ የተቀመጠው ያለ ቦታው ነው፣ ወይ አጠገቡ የተሻለ ምግብ አለ፣ ወይም በረሮው ያን ጄል ጠልቶታል (ጣፋጩን የሚጠላ ዘር መኖሩ የታወቀ ነው)። ጄሉ እየተበላ ወጥመዱ ካልቀነሰ ደግሞ ጠብታው ያንሳል። ድምሩ ብቻውን እነዚህን አይለያቸውም።

የጄሉ የመጀመሪያ ሳምንት 63፣ ደቃቃው ከ82 ወደ 24 ወረደ። ሁለተኛው ሳምንት 34፣ ደቃቃ 7። 9 ቁጥር ወደ ዜሮ ተመለሰ።

ሦስተኛው ሳምንት 49 ሆነ። እትዬ ስልክ ደወሉ፣ ድምፃቸው ተስፋ የቆረጠ ነበር። «ጄልህም እንደ ሰውዬው ሊሆን ነው።»

ያ የፋሲካ ሳምንት ነው። ከስቅለት ጀምሮ እስከ ሰኞ ጠዋት ቤቱ ተዘግቷል። ከመዘጋቱ በፊትም ሠራተኞቹ ለበዓል ሲሄዱ ኩሽናውን ከወትሮው በላይ አጽድተውታል፣ የሊጥ ቡሃቃ ታጥቧል፣ ቆሻሻ ወጥቷል። የሚበላው ሲያጣ በረሮ ሩቅ ይዞራል፣ ብዙ የዞረ ብዙ ይጣበቃል። ቁጥሩ የጨመረው ሰፈራቸው ስለበዛ ሳይሆን ስለራባቸው ነው። ይህን ሰበብ ነው የሚል ሰው ካለ ዓምዶቹን ይመልከት፦ ከ49ኙ 35ቱ ክንፍ የሌላቸው መካከለኞች ናቸው፣ ከወር በፊት ተፈልፍለው ያደጉት። ደቃቃ 3 ብቻ። አዲስ ልደት የለም ማለት ይቻላል። ጄሉ ደግሞ ፍሪጁ ጋ ጭራሽ ተልሶ አልቋል። ቁጥሩ ወጥቶ ዜናው ጥሩ የሆነበት ሳምንት ነው። ደብተሩ ላይ «3 ቀን ተዘግቷል» ተብሎ በጎን ባይጻፍ ኖሮ ግን ከሁለት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፣ እዚያ ሳምንት ላይ ያለው ጉብታ ምን እንደሆነ ሁሉም ይጨቃጨቅበት ነበር። ስለዚህ የጎን ማስታወሻ ዓምድ አትዝለሉ፦ ተዘግቶ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ፍሪጁ ተንቀሳቅሷል፣ ሠርግ ምግብ ተሠርቷል። አንድ መስመር ይበቃል።

ጄሉን ሞልተን ቀጠልን። አራተኛው ሳምንት 21። ፋሲካ አልፎ ጥብሱ ስለተመለሰ ምጣዱና ምድጃው አካባቢ ያሉት ጠብታዎች አልተነኩም ነበር፣ ምክንያቱም ምድጃው ሥር የረጋ ስብ አለ፣ ያ ከጄል ይጥማል። ማታ ማታ እዚያ በሙቅ ውሃና በሳሙና እንዲፈገፈግ አደረግን፣ በሚቀጥለው ሰኞ ጠብታዎቹ ተበልተው ተገኙ።

ድምሩ ሲያንስ ደግሞ እስካሁን ብዙ ያላስተዋልነው ነገር ወጣ። 6 ቁጥር፣ ግምጃ ቤቱ። መነሻው ላይ 12 ነበር፣ ከ146 ውስጥ ማንም አላየውም። ሌሎቹ ሁሉ ሲወርዱ እሱ ግን 8፣ 7፣ 8 እያለ አለ። በአምስተኛው የጄል ሳምንት ድምሩ 14 ሲሆን 9ኙ የ6 ቁጥር ናቸው። ኩሽናው ጸድቷል፣ ግምጃ ቤቱ ግን ገና የራሱ መንደር አለው።

ለዚህ ሲባል ለአንድ ሳምንት ብቻ ሁለት ተጨማሪ ወጥመድ አስገባን፣ አንዱን ከለስላሳ ሳጥኖቹ ሥር፣ አንዱን ከባዶ የእንቁላል ትሪዎች ሥር። የሁለቱን ቁጥር በድምሩ ውስጥ አላስገባንም፣ ለብቻቸው ነው የጻፍናቸው፤ ያለዚያ ወጥመድ ስለጨመርን ብቻ ቁጥሩ ይወጣል። ሳጥኖቹ ጋ 1። ትሪዎቹ ጋ 11። ትሪዎቹ ለነጋዴው ተመላሽ ስለሆኑ ከጾሙ በፊት ጀምሮ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ጉድጓዳቸው ጨለማ ነው፣ የደረቀ የእንቁላል ፍሳሽ አለበት፣ የሚነካቸው የለም። ጥቅል ወረቀት የመሰለው ያ ሸካራ ካርቶን ለበረሮ ከምንም ይመቸዋል። ሁለቱን ላይኛ ትሪ ብቻ ስናላቅቅ ነገሩ ታየ። ልጅቷ ጮኸች፣ እትዬ ደግሞ ረጪውን ሳይሆን የእንቁላል ነጋዴውን መርገም ጀመሩ።

ትሪዎቹ በትልቅ ላስቲክ ታስረው፣ ግቢው ውስጥ ተቃጠሉ። ለነጋዴው የትሪውን ዋጋ ከፈሉለት። ከዚያ ወዲህ እንቁላሉ በመጣበት ቀን ወደ ፕላስቲክ ባልዲ ይገለበጣል፣ ትሪው በዚያው ባጃጅ ይመለሳል። የለስላሳ ሳጥኖቹን ረጪው እንደወነጀላቸው አላገኘናቸውም፣ ቢሆንም ከግድግዳ ራቅ አድርገን እንጨት ላይ አስቀመጥናቸው። ግምጃ ቤቱ ስንጥቆች ላይ ጄል ተጨመረ።

ስድስተኛው ሳምንት 8፣ 6 ቁጥር 4። ሰባተኛው 4፣ 6 ቁጥር 1። ስምንተኛው 3፣ 6 ቁጥር ባዶ። ሦስቱም የተያዙት 3 ቁጥር ላይ፣ የቡና ማሽኑ ሥር ነው፣ ሁሉም ክንፍ ያላቸው።

ዜሮ ስለሚለው ነገር እትዬ ጠይቀውኛል። «ሦስት ሳምንት ዜሮ ከሆነ አለቀ ማለት ነው?» አይደለም። አንድ ከረጢት ያንጠለጠለች ሴት ሳትያዝ አንድ ወር ተደብቃ ልትቆይ ትችላለች፣ ግልገሎቿም አድገው ራሳቸው እስኪወልዱ ሁለት ሦስት ወር ይወስድባቸዋል። ስለዚህ ሦስት ባዶ ሳምንት ከረጢቱን አይሸፍንም። እኔ ቢያንስ ሁለት ወር ሙሉ ደቃቃ ካልታየ በኋላ ነው ቆጠራውን የማሳንሰው። ወጥመድ ደግሞ ስንት በረሮ ቤቱ ውስጥ እንዳለ አይነግርም። ባለፈው ሳምንት ከነበረው በልጧል ወይስ አንሷል፣ የት ነው፣ እየወለደ ነው ወይ፣ ይህን ብቻ ነው የሚነግረው። ሙጫ ብቻውን ኩሽና አያጸዳም። ብዙ ሰው ሙጫውን አይቶ «ይሄው ይዟል» ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል፣ ግን በአንድ ሳምንት ከሚፈለፈለው ጋር ሲተያይ የተጣበቀው ኢምንት ነው።

አሁን እትዬ አራት ወጥመድ ነው የሚጠቀሙት፣ 1፣ 3፣ 6 እና 9፣ በየሁለት ሳምንቱ። አራቱን ከድሮው አሥር ጋር አይደምሩም፣ የየወጥመዱን የራሱን ታሪክ ነው የሚያዩት። ሰው የሚጠሩበትንም ሁኔታ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፈናል፦ አንዱ ወጥመድ ከ5 በላይ ከያዘ፣ ወይም የትም ቦታ አንድ ደቃቃ ከታየ፣ ወይም 9 ቁጥር ባዶ መሆኑን ካቆመ። ረጪው ለወርሃዊ ክፍያው መጥቶ ነበር። እትዬ ደብተሩን አውጥተው የአራተኛውን ሳምንት ገጽ አሳዩት፣ ከዚያ ጄል መሥራት ከቻለ በቁጥሩ መጠን እንደሚከፍሉት፣ ካልቻለ ግን እንዳይደክም ነገሩት። አስቦበት እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ።

የሚቀረው የቡና ማሽኑ ነው። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ቡና ፍርፋሪ አለ፣ ውሃም አለ፣ እኛ ደግሞ እሱን ከፍተን ጄል ማድረግ አንችልም። ማሽኑን የሚጠግነው ሰው ሲመጣ የኋላ ሽፋኑን እንዲያወልቅና ልጅቷ በቫኪዩም እንድታጸዳው ተነጋግረናል። እስከዚያ 3 ቁጥር ላይ ሁለት ወጥመድ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ አንዱ ለደብተሩ፣ አንዱ ሳይመዘገብ።